የዝናብ ባርና የሙቀት መስመር ያለበትን ግራፍ አንብቦ የአየር ንብረቱን ዓይነት መለየት፦ ደረጃ በደረጃ

ሱሉልታ ላይ ተማሪዎች አስጠናለሁ። የጂኦግራፊ ፈተና ሲቃረብ ቴሌግራሜ በአንድ ዓይነት ፎቶ ይሞላል። አሥራ ሁለት ሰማያዊ ባር፣ በላያቸው አንድ ቀይ መስመር፣ ከሥር ደግሞ «ቲቸር፣ ይሄ የምን አየር ንብረት ነው?» የሚል። ለእያንዳንዱ በድምፅ መልእክት ከማስረዳ አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

የምንሠራው በአዲስ አበባ ግራፍ ነው። መልሱን ዝናቡ ጣሪያችሁን ሲመታ ስለምትሰሙት ስሌታችሁ ሲሳሳት ቶሎ ይታወቃችኋል። ሲያልቅ ደግሞ የኬፕታውንን እናያለን። ሁለቱ ከተሞች የዓመት አማካይ ሙቀታቸው ተቀራራቢ ነው፤ ብዙ ዝናብ የሚያገኙበት ወርም ይገናኛል። ዓይነታቸው ግን የተለያየ ነው። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።

የምንጠቀመው የኮፐንን አመዳደብ ነው። በእሱ መልሱ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ነው፤ ለምሳሌ Cwb። እያንዳንዱ ፊደል ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ስለሆነ ሥራችን ጥያቄዎቹን በተራ መመለስ ብቻ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ግራፉ፣ ቢቻል በወረቀት ላይ የታተመ
- ባለ ሚሊ ሜትር ማስመሪያ
- የተቀረጸ እርሳስ
- የስልክ ካልኩሌተር
- ቦታው ከምድር ወገብ በሰሜን ይሁን በደቡብ የሚናገር ነገር (የከተማው ስም ወይም ኬክሮሱ)

ማስጠንቀቂያ፦ ግራፉን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ከፊት ለፊቱ ቀጥ ብላችሁ አንሡት። ከጎን የተነሣ ፎቶ መስመሮቹን ያጋድላቸዋል። ያኔ የግራው ባር ከቀኙ ባር በሐሰት ይረዝማል፤ ማስመሪያውም አያድናችሁም።

ደረጃ 1፦ ባሮቹን ሳታዩ ሁለቱን ስኬሎች ለዩ

በግራፉ ግራና ቀኝ ሁለት የቁጥር ዓምድ አለ። አንዱ የዝናብ ነው፤ በሚሊ ሜትር። ሌላው የሙቀት ነው፤ በዲግሪ ሴልሺየስ። የትኛው በግራ፣ የትኛው በቀኝ እንደሚሆን ቋሚ ሕግ የለም፤ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል። ስለዚህ መጀመሪያ ከየዓምዱ አናት ላይ «ዝ» እና «ሙ» ብላችሁ በእርሳስ ጻፉ።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ባሩና መስመሩ አንድ ወረቀት ላይ ይቀመጡ እንጂ የሚለኩት በተለያየ ስኬል ነው። የሐምሌ አካባቢውን የአዲስ አበባ ባር ብታዩ ቀዩ መስመር በባሩ መሐል ያልፋል። ያንን ነጥብ ወደተሳሳተው ዓምድ ከወሰዳችሁት ሙቀቱን 160 ብላችሁ ታነባላችሁ። 160 ቢሆን ማንም ይነቃል። ዝናቡን በሙቀት ስኬል አንብባችሁ 28 ሚሊ ሜትር ብትሉ ግን ማንም አይነቃባችሁም፤ እናንተም ጭምር።

አንድ ልዩ ግራፍ አለ። በእሱ ላይ ስኬሎቹ ሆን ተብለው ተገጣጥመው ይሳላሉ፤ 10 ዲግሪ ከ20 ሚሊ ሜትር ጋር፣ 20 ዲግሪ ከ40 ሚሊ ሜትር ጋር አንድ ከፍታ ላይ ይውላሉ። እንዲህ ከሆነ ብቻ ባሩ ከመስመሩ በታች የቀረበት ወር «ደረቅ ወር» ይባላል። ስኬሉ እንዲህ ካልተገጣጠመ መስመሩ ከባሩ በላይ መሆኑ ወይም በታች መሆኑ ምንም ትርጉም የለውም። ሠዓሊው ስኬሉን በቀየረ ቁጥር ይቀየራል።

ደረጃ 2፦ ወሮቹንና ንፍቀ ክበቡን አረጋግጡ

ከግርጌ ያሉት ፊደሎች አብዛኛውን ጊዜ J F M A M J J A S O N D ናቸው። ሦስት J አለ። የመጀመሪያው ጃንዋሪ፣ መሐል ላይ የተከታተሉት ሁለቱ ጁንና ጁላይ ናቸው። ወሮቹ የፈረንጅ ስለሆኑ በእኛ አቆጣጠር አትቁጠሯቸው። የጁላይ ባር የሚይዘው ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 24 የዘነበውን ነው። ስለዚህ «ሐምሌ» ብላችሁ ብታስቡት ለመረዳት አይጎዳችሁም፤ ስትጽፉ ግን ጁላይ በሉት።

ቀጥሎ ዓመቱን ለሁለት ክፈሉት። አንደኛው ፀሐይ ከፍ የምትልበት ግማሽ ነው፤ ሁለተኛው ዝቅ የምትልበት። ለሰሜን ንፍቀ ክበብ ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ከፍተኛው ነው፣ ከኦክቶበር እስከ ማርች ዝቅተኛው። ለደቡብ ተገልብጦ ይነበባል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ስላለች የላይኛውን እንወስዳለን። በግራፉ ላይ ኤፕሪል መጀመሪያና ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ቀጭን ቋሚ መስመር በእርሳስ አስምሩ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ በዚህ ክፍፍል ላይ ይቆማል።

ማስጠንቀቂያ፦ የኮፐን w ፊደል የሚናገረው ፀሐይ ዝቅ ስለምትልበት ግማሽ ነው። ለእኛ ያ ወቅት በጋ ነው፤ ክረምት አይደለም። የእንግሊዝኛ መጽሐፉን ቃል በቃል ተርጉማችሁ «ክረምቱ ደረቅ ነው» ካላችሁ በሐምሌ ጎርፍ ቆማችሁ ደረቅ ነው እያላችሁ ነው።

ደረጃ 3፦ እያንዳንዱን ወር በማስመሪያ አንብቡ

በዓይን መገመት የሚያዛልቅ አይመስለኝም። ማስመሪያው የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ለምሳሌ ግራፋችሁ ላይ የዝናቡ ስኬል ከ0 እስከ 300 ነው እንበል፤ በየ50 ሚሊ ሜትሩ አግድም መስመር አለው። በሁለት መስመሮች መካከል ወረቀቱ ላይ ስትለኩ 10 ሚሊ ሜትር አገኛችሁ። ስለዚህ በማስመሪያችሁ ላይ ያለ 1 ሚሊ ሜትር የ5 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው። የጁላይ ባር ጫፍ ከ250 መስመር በላይ 6 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሏል። 6 ሲባዛ በ5፣ 30 ይሆናል። 250 ላይ 30 ሲደመር 280። የጁላይ ዝናብ 280 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው።

ሙቀቱም በዚሁ መንገድ ይነበባል። በየ5 ዲግሪው መስመር ካለና ርቀቱ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በማስመሪያ 1 ሚሊ ሜትር ግማሽ ዲግሪ ነው። ነጥቡን የምታነቡት ከወሩ መሐል ላይ ነው፤ ከወሩ ጠርዝ አይደለም። መስመሩ ነጥቦቹን ያገናኛል እንጂ በመካከላቸው የሚለው ነገር የለም።

ለአዲስ አበባ ሙቀቱን ወደ ሙሉ ዲግሪ አጠጋግተን ስናነብ የምናገኘው ይህን ይመስላል፦

| ወር | ዝናብ (ሚ.ሜ.) | ሙቀት (ዲግሪ) |
|---|---|---|
| ጃንዋሪ | 13 | 16 |
| ፌብሩዋሪ | 30 | 17 |
| ማርች | 58 | 18 |
| ኤፕሪል | 82 | 18 |
| ሜይ | 84 | 18 |
| ጁን | 138 | 17 |
| ጁላይ | 280 | 16 |
| ኦገስት | 290 | 16 |
| ሴፕቴምበር | 149 | 16 |
| ኦክቶበር | 27 | 16 |
| ኖቬምበር | 7 | 15 |
| ዲሴምበር | 7 | 15 |

የእናንተ ንባብ ከዚህ በ3 ወይም በ5 ሚሊ ሜትር ቢለይ አትጨነቁ። ኖቬምበርን 7 ሳይሆን 10 ብታነቡ መልሱ አይለወጥም። የንባብ ስሕተት የሚጎዳው ቁጥሩ ድንበር ላይ ሲሆን ነው፤ የት የት እንደሆነ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ደረጃ 4፦ ሦስት ቁጥር አውጡ

አንደኛ፣ የዓመቱን ዝናብ ደምሩ። ለአዲስ አበባ 1165 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ሁለተኛ፣ አሥራ ሁለቱን ሙቀቶች ደምራችሁ ለ12 አካፍሉ። 198 ለ12፣ 16.5 ይሆናል። ሦስተኛ፣ ፀሐይ ከፍ በምትልበት ግማሽ የዘነበውን ብቻ ደምሩ። ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር 1023 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ከጠቅላላው 88 በመቶ ያህል ነው።

ዝናብ ይደመራል፣ ሙቀት ግን በአማካይ ይወሰዳል። ሁለቱን ቀይሮ የሚሠራ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። «የዓመቱ ሙቀት 198 ዲግሪ» የሚል የፈተና ወረቀት በዓይኔ አይቻለሁ።

ደረጃ 5፦ መጀመሪያ ደረቅ መሆን አለመሆኑን ፈትኑ

ፊደሎቹ በA ስለሚጀምሩ ተማሪው ከA ይጀምራል። መጀመር ያለባችሁ ግን ከB ነው፤ ከደረቁ ምድብ። ምክንያቱም ሌሎቹ ምድቦች በሙቀት ብቻ የሚለዩ ናቸው። B ግን የሚጠይቀው የዘነበው ውኃ ሙቀቱ ከሚያተነው ይበልጣል ወይስ አይበልጥም የሚለውን ነው። በረሃን በሙቀት ብቻ ብትመድቡት ከጫካ ጋር አንድ ምድብ ውስጥ ይገባል።

የድርቀቱን ድንበር እንዲህ ታገኙታላችሁ። T የዓመቱ አማካይ ሙቀት ነው።

```
ድንበር = 20 × T + ጭማሪ
```

ጭማሪው የሚወሰነው ዝናቡ በየትኛው ግማሽ እንደዘነበ ነው። ፀሐይ ከፍ በምትልበት ግማሽ 70 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከዘነበ ጭማሪው 280 ነው። ከ30 በመቶ በታች ከሆነ 0፣ በመካከል ከሆነ 140። ለምን ይለያያል? ፀሐይ ስትበረታ የዘነበ ዝናብ ቶሎ ይተናል፤ ስለዚህ ያው መጠን ለመሬቱ የሚሰጠው ጥቅም ያንሳል።

የአዲስ አበባን እንሥራ። 20 ሲባዛ በ16.5፣ 330 ነው። ዝናባችን 88 በመቶው ፀሐይ ከፍ ስትል ስለሆነ 280 እንጨምራለን። ድንበሩ 610 ይሆናል። የዘነበው 1165 ነው። ከድንበሩ በሰፊው ስለሚበልጥ B አይደለም፤ እናልፋለን።

ይህ ስሌት የባሮቹን ርዝመት ብቻ ማየት ለምን እንደማይበቃ ያሳያል። ድሬዳዋና ለንደን ሁለቱም በዓመት ወደ 600 ሚሊ ሜትር ይዘንብባቸዋል። የለንደን አማካይ ሙቀት 11 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዝናቧም ዓመቱን ሙሉ የተበተነ ስለሆነ ድንበሯ 360 ላይ ይቀራል፤ ደረቅ አይደለችም። የድሬዳዋ አማካይ ግን ወደ 25 ዲግሪ ነው። ከ280 ይልቅ መካከለኛውን ጭማሪ 140ን እንኳ ብትወስዱ ድንበሩ 640 ይደርሳል። 600ው አልሞላም፤ ስለዚህ B። ከድንበሩ ግማሽ፣ ማለትም ከ320፣ ስለሚበልጥ ፍጹም በረሃ (W) ሳይሆን ከፊል በረሃ (S) ነው። የዓመቱ አማካይ ከ18 ስለሚበልጥ ሦስተኛው ፊደል h ነው። BSh።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያውን ፊደል በሙቀት መስመሩ ለዩ

አሁን ባሮቹን በእጃችሁ ሸፍኑና መስመሩን ብቻ እዩ። የምትፈልጉት ሁለት ነጥብ ነው፤ ከሁሉ ዝቅ ያለውን ወርና ከሁሉ ከፍ ያለውን።

- ከሁሉ ሞቃቱ ወር ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ E
- ከሁሉ ቀዝቃዛው ወር 18 ዲግሪ ወይም በላይ ከሆነ A
- ቀዝቃዛው ከ18 በታች ሆኖ ከ0 በላይ ከሆነ C
- ቀዝቃዛው ከ0 በታች ሆኖ ሞቃቱ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ D

በCና በD መካከል አንዳንድ መጽሐፍ በ0 ፈንታ 3 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይጠቀማል። የእናንተ መጽሐፍ የትኛውን እንደያዘ እዩ።

የአዲስ አበባ ቀዝቃዛ ወር 15 ዲግሪ ነው። ከ18 በታች፣ ከ0 በላይ፤ ስለዚህ C። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይከራከራል። «ቲቸር፣ እኛ እኮ የምድር ወገብ አጠገብ ነን፤ ትሮፒካል አይደለንም ወይ?» በአቀማመጥ አዎ። ኮፐን ግን የሚጠይቀው ሙቀቱን እንጂ ካርታውን አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከፍታው መስመሩን ወደ ታች አውርዶታል።

ደረጃ 7፦ ሁለተኛውን ፊደል በባሮቹ ለዩ

እጃችሁን ከባሮቹ ላይ አንሡ። በደረጃ 2 ያሰመራችሁት ቋሚ መስመር አሁን ይጠቅማችኋል። ለC ምድብ ጥያቄው «ደረቁ ጊዜ በየትኛው ግማሽ ነው?» የሚል ነው።

መጀመሪያ wን ፈትኑ። ፀሐይ ዝቅ በምትልበት ግማሽ ከሁሉ ያጠረውን ባር ውሰዱ። ፀሐይ ከፍ በምትልበት ግማሽ ደግሞ ከሁሉ የረዘመውን። አጭሩ ከረዥሙ አንድ አሥረኛ በታች ከሆነ w ነው። በእኛ ግራፍ አጭሩ 7 ነው፤ ኖቬምበርና ዲሴምበር። ረዥሙ የኦገስት 290 ነው፤ አንድ አሥረኛው 29። 7 ከ29 ያንሳል። w።

ካልሆነ sን ፈትኑ። አሁን የምትወስዱት ተገላቢጦሹን ነው። ፀሐይ ከፍ በምትልበት ግማሽ ያለው አጭር ባር ከ40 ሚሊ ሜትር በታች መሆን አለበት፤ በሌላው ግማሽ ካለው ረዥም ባርም ከሦስት አንድ በታች። አንዳንድ መጽሐፍ 40ውን 30 ያደርገዋል። wም sም ካልሆነ f ነው፤ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ።

ከላይ የንባብ ስሕተት የሚጎዳው ድንበር ላይ ነው ያልኳችሁ እዚህ ይታያል። አጭሩ ባር 28፣ አንድ አሥረኛው 29 ቢሆን ኖሮ በማስመሪያ ያነበባችሁትን አትመኑት፤ እንደገና ለኩ። 7 እና 29 ሲሆኑ ግን ምንም የሚያሠጋ የለም።

ለA ምድብ ፊደሎቹ ሌላ መለኪያ አላቸው። ከሁሉ አጭሩ ባር 60 ሚሊ ሜትር ከሞላ f ነው። ካልሞላ ወደ m ወይም ወደ w ይሄዳል። የCን ሕግ ለA አታውሱት።

ደረጃ 8፦ ሦስተኛው ፊደል

አጭር ነው። ሞቃቱ ወር 22 ዲግሪ ወይም በላይ ከሆነ a። ከ22 በታች ሆኖ ቢያንስ አራት ወር 10 ዲግሪ ከደረሱ b። ከአንድ እስከ ሦስት ወር ብቻ ከደረሱ c። በአዲስ አበባ ሞቃቱ 18 ነው፤ አሥራ ሁለቱም ወር ከ10 በላይ ናቸው። b።

ሙሉው መልስ Cwb ነው፤ በጋው ደረቅ የሆነ፣ ለዘብ ያለ የደጋማ አካባቢ አየር ንብረት።

ደረጃ 9፦ መልሱን ከመስመሩ ቅርጽ ጋር አመሳክሩ

ይህን ደረጃ የሚዘለው ብዙ ነው። እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ፤ ስሕተት የሚያዘው እሱ ስለሆነ።

የሙቀት መስመሩ ጠፍጣፋ ነው ወይስ ኮረብታ አለው? በአዲስ አበባ ሞቃቱ 18፣ ቀዝቃዛው 15 ነው፤ ልዩነቱ 3 ዲግሪ ብቻ። ጠፍጣፋ መስመር ማለት ቦታው ለምድር ወገብ ቅርብ ነው ማለት ነው፤ የፀሐይ ጉልበት በዓመት ውስጥ ብዙም አይለዋወጥም። መስመሩ ጠፍጣፋም ዝቅ ያለም ከሆነ ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ነው። ስሙ ያልተጻፈበት ግራፍ ቢመጣላችሁ በእነዚህ ሁለት ምልክቶች «በምድር ወገብ አካባቢ ያለ ከፍ ያለ ቦታ ሳይሆን አይቀርም» ማለት ትችላላችሁ።

አሁን ጠጋ ብላችሁ እዩት። መስመሩ ማርች፣ ኤፕሪልና ሜይ ላይ ከፍ ይልና ጁላይና ኦገስት ላይ ይሰምጣል። የሰሜን ንፍቀ ክበብ ከተማ በጁላይ እንዴት ይቀዘቅዛል? መልሱ ከሥሩ ያለው ባር ነው። መስመሩ የሰመጠው ባሩ በረዘመበት ወር ነው። በክረምት ደመናው ፀሐይዋን ስለሚጋርዳት የቀኑ ሙቀት ይወርዳል። ባሮቹም ሁለት እርከን አላቸው፤ ከማርች እስከ ሜይ ትንሽ እብጠት አለች፤ በልግ ናት። ከዚያ ክረምቱ ይመጣል። መስመሩና ባሮቹ እንዲህ ሲተራረኩላችሁ ንባባችሁ ልክ ነው።

ያው ወር፣ ሌላ መልስ፦ ኬፕታውን

አሁን የኬፕታውንን ግራፍ ከጎኑ አድርጉ። የዓመቱ አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባሮቹ የሚረዝሙት ከሜይ እስከ ኦገስት ነው፤ ትልቁ የጁን፣ 93 ሚሊ ሜትር ያህል። አጭሩ 15 ያህል። ጠቅላላው 515 አካባቢ። ቅርጹን በሩቁ ያየ ተማሪ «እንደ እኛው ነው፣ Cwb» ብሎ ያልፋል።

መስመሩን እዩት። ጃንዋሪ ላይ 20 ነው፤ ጁላይ ላይ 12 ይወርዳል፤ ልዩነቱ 8 ዲግሪ። ዓመቱ መሐል ላይ እንዲህ በብዙ ዲግሪ የሚጎድል መስመር የደቡብ ንፍቀ ክበብ ምልክት ነው። ኬፕታውን 34 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ናት። ስለዚህ ፀሐይ ከፍ የምትልበት ግማሽ ከኦክቶበር እስከ ማርች ነው። ዝናቡ የሚዘንበው በሌላው ግማሽ ነው።

የድርቀቱን ድንበር ሥሩ። ፀሐይ ከፍ ስትል የሚዘንበው ከ30 በመቶ በታች ስለሆነ ጭማሪው 0 ነው። 20 ሲባዛ በ16፣ 320። 515 ይበልጣል፤ B አይደለም። ንፍቀ ክበቡን ሳትገለብጡ ብትሠሩት ግን 280 ትጨምራላችሁ፤ ድንበሩ 600 ይሆናል፤ 515 አይሞላውም፤ ከተማዋን ከፊል በረሃ አደረጋችኋት። አንዲት የንፍቀ ክበብ ስሕተት ሁለተኛውን ፊደል ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያውንም ይዛ ትሄዳለች።

እንቀጥል። ቀዝቃዛው ወር 12፣ ስለዚህ C። ፀሐይ ከፍ በምትልበት ግማሽ አጭሩ ባር 15 ነው፤ ከ40 በታች። ከ93 አንድ ሦስተኛው 31 ነው፤ 15 ከዚያም ያንሳል። s። ሞቃቱ ወር ከ22 በታች፣ b። መልሱ Csb፣ የሜዲትራኒያን ዓይነት። ዝናቡ ከቅዝቃዜ ጋር፣ ድርቀቱ ከሙቀት ጋር ይመጣል።

ደጋግመው የሚመጡ ስሕተቶች

*ደጋ፣ ወይና ደጋ ወይም ቆላ ብሎ መመለስ።* እነዚህ የሚለዩት በዋናነት በከፍታ ነው፤ ግራፉ ከፍታውን በሜትር አያሳይም። ጥያቄው የኮፐንን ዓይነት ከሆነ የፊደል መልስ ስጡ። መጽሐፋችሁ ለከፍተኛ ቦታዎች H የሚል ምድብ ካለውም እሱን ከግራፉ ብቻ በእርግጠኝነት ልታወጡት አትችሉም፤ ከፍታው ተጽፎ መሰጠት አለበት።

*አማካዩን ከሌሊቱ ብርድ ጋር ማምታታት።* «እኛ ሰፈር ዲሴምበር ሌሊት ውርጭ ሣሩን ያነጣዋል፤ እንዴት 15 ዲግሪ ይባላል?» ይሉኛል። ግራፉ የሚያሳየው የቀኑና የሌሊቱ አማካይ ነው። በበጋ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ደግሞ ሙቀቱን ለቆ ክፉኛ ይቀዘቅዛል። በአንድ ቀን ውስጥ ያለው ልዩነት በዓመቱ ወሮች መካከል ካለው 3 ዲግሪ እጅግ ይበልጣል። ይህን መስመሩ ላይ አትፈልጉት፤ የለም።

*የከተማውን ግራፍ ለሁሉም ሰፈር እኩል መውሰድ።* ሙቀት በየ100 ሜትር ከፍታ 0.65 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከመለኪያ ጣቢያው 300 ሜትር ከፍ ያለ ሰፈር ብትኖሩ መስመሩን በሙሉ ወደ 2 ዲግሪ ዝቅ አድርጉት። ቀዝቃዛው 13፣ ሞቃቱ 16 ይሆናል። ሦስቱም ፊደል ባሉበት ይቆያሉ፤ ከድንበሮቹ የራቀ መልስ እንዲህ በቀላሉ አይናወጥም።

*ግራፉን የዘንድሮ ዝናብ አድርጎ ማንበብ።* የአየር ንብረት ግራፍ ብዙውን ጊዜ የ30 ዓመት አማካይ ነው። ዘንድሮ በልጉ ቢቀር ግራፉ አይነግራችሁም፤ ዓይነቱም በአንድ ዓመት አይለወጥም።

*ከመጽሐፉ መልስ ጋር አለመግባባት።* ስሌታችሁን ከመቀየራችሁ በፊት ሦስት ነገር በዚህ ተራ እዩ። ንፍቀ ክበቡን ገልብጣችኋል ወይ? Bን መጀመሪያ ፈትናችኋል ወይ? መጽሐፉ ለCና ለD ድንበር፣ እንዲሁም ለs፣ የትኛውን ቁጥር ይጠቀማል? አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ላይ ታገኙታላችሁ። እነሱም ልክ ከሆኑ ሁለቱን ስኬሎች እንደገና እዩ፤ «ዝ» እና «ሙ» ብላችሁ የጻፋችሁት ተገልብጦ ሊሆን ይችላል።